ከ2 ቴራባይት ወደ 200 ጊጋባይት ሲወርዱ ትርፉ ፋይል ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ «በጉግል ዋን የ2 ቴራባይት ጥቅል ላይ ነኝ፤ የያዝኩት ግን 263 ጊጋባይት ብቻ ነው። ፎቶስ 198፣ ድራይቭ 52፣ ጂሜይል 13። ወጪ ለመቀነስ ወደ 200 ልወርድ አስቤአለሁ። 63ቱ ጊጋባይት ይጠፋል ወይ? የሚያጠፉ ከሆነስ ከአሮጌው ነው የሚጀምሩት? ባለቤቴም በዚሁ ጥቅል ውስጥ ናት፤ የእሷ 9 ጊጋባይት ነው። የምንኖረው አሜሪካ ነው።»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥቅሉ በሚቀየርበት ቀን አንድም ፋይል አይጠፋም። ጉግል ከመለያዎ ውስጥ 63 ጊጋባይት መርጦ አያወጣም፤ ከአሮጌውም ሆነ ከአዲሱ አይጀምርም። ይህ ግን ምንም አይደርስብኝም ብለው ዝም እንዲሉ የሚያደርግ መልስ አይደለም። የሚደርሰው ነገር ከመጥፋት የተለየ ስለሆነ ብዙ ሰው ዘግይቶ ያውቀዋል።

የቦታው ልክ የሚቆጠረው ለፎቶስ፣ ለድራይቭና ለጂሜይል በጋራ ነው። ሦስቱ ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ፤ ያ ቁጥር ከተፈቀደው ካለፈ «ትርፍ» የሚባል የተለየ ፋይል የለም፤ ልኩን ያለፈው መለያው በሙሉ ነው። ስለዚህም እገዳው የሚያርፈው በ63ቱ ጊጋባይት ላይ ሳይሆን በመለያው ላይ ነው። በአንድ ጊጋባይት ያለፈም ሰው በ63 ያለፈም ሰው የሚገጥመው ነገር ያው አንድ ነው። ጥያቄዎ «የትኛው ይጠፋል?» የሚል ነበር፤ ይበልጥ ሊያሳስብዎ የሚገባው ግን «ምን ይቆማል?» የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የሚቆመው የፎቶና የቪዲዮ ባክአፕ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልክዎ የሚያነሱት ሁሉ ስልኩ ላይ ብቻ ይቀራል። አሮጌዎቹ ፎቶዎች እንደ ወትሮው ስለሚታዩ አዲሶቹ እንዳልተላኩ ልብ ሳይሉ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ነው። በድራይቭም አዲስ ፋይል መጫንና በጉግል ዶክስ ወይም ሺትስ አዲስ ሰነድ መክፈት አይቻልም። በእርስዎ ባለቤትነት ያሉትን ፋይሎች፣ ለሌላ ሰው አጋርተዋቸው ቢሆን እንኳ፣ ቦታው እስኪስተካከል ድረስ ማንም ሊያርማቸው ወይም ሊገለብጣቸው አይችልም። በአንድሮይድ ስልክ የሚጠቀሙ ከሆነ የዋትስአፕ ባክአፕም ከዚሁ ቦታ ስለሚቆጠር አብሮ ይቆማል።

ከሁሉ የሚከፋው የጂሜይል መዘጋት ነው። ቦታው ሞልቶ ሲያልፍ ኢሜይል መላክም መቀበልም አይችሉም፤ ወደ እርስዎ የተላከው ደብዳቤ ወደ ላኪው ተመልሶ ይሄዳል። መልእክቱ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቅዎትም፤ በኋላ ቦታ ቢያስለቅቁ ወይም ትልቁን ጥቅል መልሰው ቢገዙ፣ በመሃል የተመለሱት ደብዳቤዎች ከእንግዲህ አይመጡም። ላኪው ሰው ከሆነ ምናልባት ደግሞ ይልካል፤ ላኪው የባንክ፣ የኢንሹራንስ ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚከታተል አውቶማቲክ ሥርዓት ከሆነ ግን አድራሻው አይሠራም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በእኔ አመለካከት ጥቅል ከመቀነስ ጋር የሚመጣው ከባዱ ኪሳራ ይህ ነው፤ ፎቶው ከነበረበት ሳይነቃነቅ፣ ሰው ደብዳቤውን ያጣል።

መግባት፣ ማየት፣ ማውረድና ማጥፋት ግን በዚህ ሁሉ መካከል አይከለከሉም። የራስዎን ፎቶ ለማየት ወይም ወደ ኮምፒውተር ለመውሰድ መክፈል አይጠየቁም።

ማጥፋት የሚመጣው በሌላ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ከሰኔ 1 ቀን 2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት አንድ መለያ ከተፈቀደለት ቦታ በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ከቆየ፣ ጉግል ይዘቱን ከጂሜይል፣ ከፎቶስና ከድራይቭ ሊያነሳ ይችላል። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ለማስጠንቀቅ ቃል ገብቷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ ደንቡ ሊነሳ ይችላል የሚለው ትርፉን 63 ብቻ ሳይሆን ይዘቱን በሙሉ ነው፤ ስለዚህ ከአሮጌው ይጀምራሉ ብሎ አዲሱን ለማትረፍ መቁጠር ዋጋ የለውም። ሁለተኛው፣ ይህ ሰዓት በየቀኑ መለያዎን በመክፈትዎ አይቆምም። ብዙዎች ለሁለት ዓመት ያልተነካ መለያ ይዘጋል ከሚለው ከሌላው ደንብ ጋር ያምታቱታል። ያ ደንብ የሚመለከተው ጨርሶ የማይገባበትን መለያ ነው፤ የቦታ ማለፉ ቆጣሪ ግን በሚሠሩበት መለያ ላይም ይቆጥራል፤ የሚቆመውም ቦታ ሲያስለቅቁ ወይም ሲገዙ ብቻ ነው።

ባለቤትዎን በሚመለከት ስጋት የለም። በቤተሰብ ጥቅል ውስጥ እያንዳንዱ አባል መጀመሪያ የሚጠቀመው የራሱን ነጻ 15 ጊጋባይት ነው፤ ከጋራው የሚወስደው እሱን ሲጨርስ ነው። እሳቸው 9 ላይ ስላሉ ገና ወደ ጋራው አልደረሱም። ከ15 ካለፉ በኋላ ግን የእሳቸው ትርፍ ከእርስዎ ጋር እየተደመረ ይሄዳል፤ የጋራው ሲሞላም የእሳቸውም ጂሜይል አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ የእሳቸውን ቁጥር በየጊዜው ማየቱ አይከፋም።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ። መልካሙ ነገር ጊዜ ያለዎት መሆኑ ነው፤ ዛሬ ጥቅሉን ዝቅ ቢያደርጉ እንኳ ለውጡ የሚጸናው የከፈሉበት ጊዜ ሲያልቅ ነው። በወር የሚከፍሉ ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ፣ በዓመት የሚከፍሉ ከሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ 2 ቴራባይቱ የእርስዎ ነው። የእኔ ምክር ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ እንዲሆን ነው፤ አስቀድመው ቦታውን ይቀንሱ፣ ቁጥሩ ከ200 በታች መውረዱን በዓይንዎ ይዩ፣ ከዚያ በኋላ ጥቅሉን ይለውጡ። የአንድ ወር ክፍያ ቢጨመርም፣ ቀን እየቆጠሩ በጥድፊያ ፋይል ከማጥፋት ይሻላል። ስህተት የሚሠራው በጥድፊያ ነው።

መነሻው `one.google.com/storage` የሚለው ገጽ ነው፤ ሦስቱ አገልግሎቶች የያዙት መጠን እዚያ ተለያይቶ ይታያል። ቀላሉ ድራይቭ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። `drive.google.com/drive/quota` ሲከፍቱ ፋይሎችዎ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድረው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የያዙት ሺህ ትናንሽ ሰነዶች ሳይሆኑ ጥቂት ትልልቅ ቪዲዮዎችና የታመቁ ማህደሮች ናቸው። ለምሳሌ ከእርስዎ 52 ጊጋባይት ውስጥ 27ቱ ያለቀ ሥራ ቪዲዮ ቢሆን፣ 4ቱ ደግሞ መጣያ ውስጥ የተኛ ቢሆን፣ ድራይቭዎ ወደ 21 ይወርዳል። መጣያ ውስጥ ያለ ነገር እስኪጸዳ ድረስ ከቦታዎ እንደሚቆጠር አይርሱ፤ ድራይቭ በራሱ የሚያጸዳው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ሌሎች ያጋሩዎት ፋይሎች ከእርስዎ ቦታ ስለማይቆጠሩ እነሱን ማንሳት ምንም አያስለቅቅም፤ በአንጻሩ እርስዎ ያጋሩትን ካጠፉ የሚጠቀሙበት ሰዎችም ያጡታልና አስቀድመው ይጠይቋቸው።

በጂሜይል ደብዳቤ በደብዳቤ መልቀም አያስፈልግም። በፍለጋው ሳጥን ውስጥ ይህን ይጻፉ፤ አባሪ ያላቸው፣ በጠቅላላ ከ10 ሜጋባይት የሚበልጡ፣ ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩ ደብዳቤዎች ብቻ ይወጣሉ።

```
has:attachment larger:10M older_than:5y
```

ከዚህ 3 ጊጋባይት ቢገኝ 10 ይቀራል። ከዚያ በላይ ከጂሜይል ለማውጣት መድከም ግን አያስፈልግም፤ ድካሙ ከሚገኘው ቦታ ይበልጣል።

ዋናው ጉዳይ ፎቶስ ነው፤ 198 ጊጋባይት። እዚህም ክብደቱ ያለው በቪዲዮዎቹ ላይ ነው። በ`photos.google.com/quotamanagement` ገጽ ላይ ትልልቆቹን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ለይቶ የሚያሳይ ክፍል አለ። ከመለያው ለማውጣት የወሰኑትን ቪዲዮዎች አንድ አልበም ከፍተው ሰብስቧቸው፤ ለምሳሌ 61 ጊጋባይት ይሁን እንበል። ከዚያ በጉግል ያለዎትን ይዘት በጅምላ ለማውረድ በሚያገለግለው `takeout.google.com` ላይ ገብተው መጀመሪያ ሁሉንም ምርጫ ያንሱ፣ ጉግል ፎቶስን ብቻ ይምረጡ፣ ከፎቶስም ውስጥ ያን አንድ አልበም ብቻ ያስቀሩ። የማህደሩን ልክ 10 ጊጋባይት ካደረጉት ሰባት ያህል የዚፕ ፋይሎች ይደርሱዎታል። ቪዲዮ በዚፕ ውስጥ ስለገባ አይቀንስም፤ ስለዚህ ማስቀመጫ ዲስኩ ላይ 61 ጊጋባይት ለዚፑ፣ ሌላ 61 ለተፈታው ቦታ ያስፈልጋል። የማውረጃው ሊንክ የሚሠራው ለሰባት ቀን ያህል ነው፤ ኢንተርኔትዎ ዘገምተኛ ከሆነ በዚያ ሳምንት ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ በአንድ ጊዜ ይጠይቁ።

ማህደሩን ሲፈቱ ከቪዲዮዎቹ ጎን `.json` የሚል ቅጥያ ያላቸው ትናንሽ ፋይሎች ያያሉ። ትርጉም የሌላቸው ቢመስሉም የተቀረጸበትን ቀንና እርስዎ የጻፉትን መግለጫ የያዙ ስለሆኑ አይጣሉ። አንዳንዴ የአንድ ቪዲዮ `.json` በሌላኛው ዚፕ ውስጥ ይገኛልና ሰባቱንም በአንድ ፎልደር ውስጥ ይፍቱ። ቀጥለው በአልበሙ ውስጥ የነበሩትን ቪዲዮዎች ብዛት ዲስኩ ላይ ካሉት የቪዲዮ ፋይሎች ብዛት ጋር ያስተያዩ። ቁጥሩ ከተገናኘ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ዚፕ ጥቂት ቪዲዮዎች ከፍተው እስከ መጨረሻቸው ይዩ፤ በመውረድ ላይ የተቋረጠ ዚፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ሲፈታ ስህተት በማሳየቱ ወይም ቪዲዮው በመካከል በመቆሙ ነው። በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ ነገር ደግሞ ዲስኩ በሚወድቅበት ቀን የሌለ ነው፤ የልጅነት ቪዲዮ ከሆነ በሁለተኛ ዲስክ ላይም ይገልብጡት፤ ሁለተኛውን ዘመድ ቤት ቢያስቀምጡት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ወደ ማጥፋቱ ሲደርሱ በጣም ይጠንቀቁ። በጉግል ፎቶስ አልበምን ማጥፋት ቪዲዮዎቹን አያጠፋም፤ ስብስቡን ብቻ ያፈርሳል፤ ቦታም አያስለቅቅም። ቪዲዮዎቹን ራሳቸውን መርጠው ወደ መጣያ መላክ ይኖርብዎታል። ይህን ሲያደርጉ ደግሞ ባክአፕ የተደረገው ቪዲዮ ከደመናው፣ ማለትም ከጉግል የኢንተርኔት ማስቀመጫ፣ ብቻ ሳይሆን ከስልክዎም ይጠፋል። ስልኬ ላይ አለ ብለው ከደመናው የሚያጠፉ ሰዎች የሚደነግጡት በዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ `Free up space` የሚባል ሌላ ቁልፍ በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ አለ። ስሙ የሚነግረው ቦታ እንደሚያስለቅቅ ነው፤ የሚያስለቅቀው ግን የስልኩን እንጂ የደመናውን አይደለም። ደመናው ላይ የገቡትን ፎቶዎች ከስልኩ ላይ ያነሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቅጂ የደመናው ብቻ ይሆናል። አንዲት የምረዳት እናት ጥቅላቸውን ዝቅ ለማድረግ ሲያስቡ መጀመሪያ ይህን ቁልፍ ነኩ፤ የደመናው ቁጥር ስላልቀነሰ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ከድረ ገጹ ላይ የሦስት ዓመት ቪዲዮ መርጠው አጠፉ፤ ስልኬ ላይ አለ ብለው ነበር። ሲደውሉልኝ ከ40 ቀን በላይ አልፎ ነበር። የዳኑት ባክአፕ የተደረገ ነገር በፎቶስ መጣያ ውስጥ 60 ቀን ስለሚቆይና እሳቸውም መጣያውን ስላላጸዱ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ ማውረድ፣ ማረጋገጥ፣ ማጥፋት፣ ከዚያ መጣያውን ወዲያውኑ ሳያጸዱ አንድ ሁለት ሳምንት መጠበቅ። በእነዚያ ቀናት ዲስኩን ደጋግመው ይክፈቱት፤ የጎደለ ነገር ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው። መጣያውን ካጸዱ በኋላ ግን መመለሻ የለም። ቁጥሩ እስኪስተካከልም አንድ ቀን ያህል ሊወስድ ስለሚችል ወዲያው ካልወረደ ደግመው ሌላ ነገር አያጥፉ።

ሁሉንም ብንደምረው ድራይቭ 21፣ ጂሜይል 10፣ ፎቶስ 137 ሲሆን 168 ጊጋባይት ይሆናል። ከ200 ልክ 32 ጊጋባይት ይተርፋል። በወር 2 ጊጋባይት ተኩል ያህል የሚጨምሩ ከሆነ ይህ ከአንድ ዓመት ትንሽ ያልፋል ማለት ነው። በትክክል 200 ላይ ወይም 198 ላይ ማረፍ ግን አይበቃም፤ አንድ የልደት ቀን ቪዲዮ ሊያሳልፍዎ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከላይ እንደነገርኩዎት ጂሜይልዎ ይዘጋል።

ምንም ሳያጠፉ ቦታ የሚያስለቅቅ ሌላ መንገድ አለ። ፎቶዎችዎ በ`Original quality` የገቡ ከሆነ `Recover storage` የሚለው ምርጫ ወደ `Storage saver` ይቀይራቸዋል። ከ16 ሜጋፒክስል በላይ የሆነው ፎቶ ወደ 16 ይወርዳል፣ ከ1080 በላይ ጥራት ያለው ቪዲዮም ወደ 1080 ይወርዳል። በስልክ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ይሁን እንጂ የተቀየረው ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ስለዚህ ዋናውን ቅጂ በዲስክ ሳያስቀምጡ አይንኩት። እኔ የምመርጠው ትልልቆቹን ቪዲዮዎች ማውጣትን ነው፤ ምክንያቱም ምን እንደቀረና ምን እንደወጣ እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ። ካለፈው ሁሉ ይልቅ ከዛሬ ጀምሮ የሚገባውን ብቻ በ`Storage saver` ማድረግ ደግሞ ጉዳት የለውም፤ የወር ጭማሪዎንም ያቀልልዎታል።

ስለ ዋጋው፣ በአሜሪካ 2 ቴራባይቱ በወር 9.99 ዶላር፣ 200 ጊጋባይቱ ደግሞ 2.99 ዶላር ሲሆን በዓመት 84 ዶላር ይተርፍዎታል። ስለዚህ ድካሙ የሚገባው ነው። ከ200 ወደ 100 ስለመውረድ ቢጠይቁኝ ግን አልመክርም ነበር፤ ልዩነቱ በወር አንድ ዶላር ነው፣ ለእሱ ሲባል በየወሩ ከልኩ ጋር መታገል አይገባም። ጥቅሉን የገዙት በአይፎን በኩል ከሆነ የሚቀየረው በአፕል የደንበኝነት ምዝገባ ገጽ እንጂ በጉግል ዋን ላይ አይደለም።

ሌሎች አገልግሎቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸውና ይህን ምላሽ የሚያነቡ ሌሎች የጉግልን ሁለት ዓመት ወደዚያ እንዳይወስዱት። የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ ከልኩ ሲያልፍ ለማየትና ለማውረድ ብቻ ክፍት ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ ስድስት ወር ካለፈ ሊያጠፋ ይችላል። በአፕል አይክላውድ ደግሞ አዲስ ፎቶ መግባቱን፣ የስልኩ ባክአፕ መደረጉንና የአይክላውድ ኢሜይል መሥራቱን ያቆማል፤ የስልኩ ባክአፕ ተቋርጦ 180 ቀን ካለፈ የመጨረሻው ቅጂ ይጠፋል። ከአይክላውድ የሚወርድ ሰው ከፎቶው በፊት ይህን የስልኩን ባክአፕ ያስብ።

ለውጡ በጸናበት ማግስት ሁለት ነገር ያድርጉ። ከሌላ አድራሻ፣ ለምሳሌ ከመሥሪያ ቤትዎ ኢሜይል፣ ወደ ጂሜይልዎ አንድ መልእክት ይላኩና መድረሱን ይዩ። ከዚያ አንድ ፎቶ ያንሱ፤ በጉግል ፎቶስ መተግበሪያ በስተቀኝ ከላይ ያለውን የራስዎን ምስል ሲነኩ ባክአፑ መጠናቀቁን ወይም መቆሙን ይነግርዎታል። ቆሟል ካለ `one.google.com/storage` ላይ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ከ200 ካለፈ መጀመሪያ የሚጸዳው ያላጸዱት መጣያ ነው።